የጉባኤዬን ውሳኔ ያሰረዘችው አንዲት ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሊቀመንበር ሆኜ ከተመረጥኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። በሚቀጥለው ወር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ጉባኤውን ስከፍትና አጀንዳውን ለአባላት ሳስተዋውቅ ምን ልበል? ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።»

ወንድሜ፣ እኔም የቁጠባና ብድር ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ አምስት ጉባኤ መርቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ያሳለፍነው ትልቁ ውሳኔ ተሰርዞብናል። በሂሳብ ጉድለት አይደለም፣ በጠብም አይደለም። በመክፈቻ ንግግሬ ውስጥ የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያስሰረዘችው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» እንዴት እንደሚባል ታውቃለህና እሱን ልዝለለው።

1. ከሰላምታው ቀጥሎ ቁጥሩን ተናገር። ጠቅላላው አባል ስንት ነው፣ ስንቱ ፈርሞ ገብቷል፣ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ወይስ አልሞላም። ይህ ሳይነገር የሚነገር ሁሉ ወግ ነው እንጂ ጉባኤ አይደለም። የእኛ አባላት 213 ነበሩ፤ ደንባችን ደግሞ «ከአባላቱ ከግማሽ በላይ» ይላል። የ213 ግማሽ 106 ተኩል ስለሆነ 107 ሰው ሲገባ ሞልቷል ማለት ነው። ጸሐፊያችን ግን «ግማሽ ሲደመር አንድ ነው፣ 108 ያስፈልጋል» ብሎ አንድ ሰው እስኪመጣ ሲያስጠብቀን ቆየ። ያንተ ደንብ በትክክል በምን ቃል እንደጻፈው አንብበህ ግባ። ካልሞላስ ለሁለተኛ ጊዜ ስለሚጠራ ጉባኤ ምን ይላል? እሱንም እይ። ቁጥሩን ራስህ አትገምት፤ ጸሐፊው ከፊርማ ዝርዝሩ ላይ ቆጥሮ በወረቀት ይስጥህ፣ አንተ አንብበው፣ ያው ቁጥር ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።

2. አጀንዳውን አንብብና አስጸድቅ፤ ከጥሪው ውጭ ግን ምንም አትጨምር። እዚህ ጋ ነው የተቃጠልኩት።

ጥሪውን ከ15 ቀን በፊት ልከን ነበር፣ ስድስት ነጥብ ያለው። ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው በኮሚቴ ተቀምጠን ብድር የሚጠብቀው ሰው እንደበዛ፣ ገንዘቡም እንደማይበቃ አየን። እያንዳንዱ አባል መያዝ ያለበትን ዝቅተኛ ዕጣ ከ5 ወደ 8 እናሳድግ ተባባልን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ችግሩ፣ 5 የሚለው ቁጥር የተጻፈው መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የደንብ ማሻሻያ ነበር። እኔ ግን መድረክ ላይ ወጥቼ «በተጨማሪም ዛሬ ዝቅተኛውን ዕጣ ወደ 8 ስለማሳደግ እንወስናለን» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከገቡት 131 ሰዎች 118ቱ እጃቸውን አወጡ። ደንቡ የሚጠይቀው ከተገኙት ሁለት ሦስተኛውን ነው፣ ማለትም 88 ሰው፤ በሰፊው አልፈን ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሻሻያውን ለማስመዝገብ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጥሪው የታለ?» አለኝ። ሰጠሁት። ስድስቱን ነጥብ በእስክሪብቶ እየነካ ወረደና «ይሄ እዚህ የለም» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። 118 ሰው እኮ ደግፏል ብዬ ተከራከርኩ። «ያልመጡት 82ቱስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ሰው እንዲህ አይመለስም። ነገሩ ግን እውነት ነበር። «ዘንድሮ ሪፖርት ብቻ ነው፣ ባልሄድ ምንም አይቀርብኝም» ብሎ ቤቱ የቀረ አባል ሳያውቀው ሦስት ተጨማሪ ዕጣ ተጥሎበታል።

እኛ ደግሞ ውሳኔው ይጸድቃል ብለን ከ60 አባላት ተጨማሪውን ዕጣ ሰብስበን ነበር። አንድ በአንድ መለስን። በዚያ ገንዘብ የተፈቀዱት ብድሮች ተያዙ፤ ተበዳሪዎቹ የሚጮሁት ቢሮው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። አስቸኳይ ጉባኤ ጠርተን፣ አዳራሽ እንደገና ተከራይተን፣ ያንኑ ሐሳብ ያንኑ ያህል ሰው ደገፈው። ሁለት ወር ሙሉ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር።

አሁን የምለው እንዲህ ነው፦ «ከጥሪው ውጭ የሚነሳ ሐሳብ ያለው አባል ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ልዩ ልዩ በሚለው ሥር እንወያይበታለን። ደንብ የሚነካ ወይም በአባል ላይ ግዴታ የሚጥል ከሆነ ግን ዛሬ አንወስንበትም፤ ለሚቀጥለው ጥሪ ይያዛል።» ይህን ስል የሚያኮርፍ አለ። ያኩርፍ።

3. የትርፉን ቁጥር በመክፈቻው አትጥራ። በሁለተኛው ዓመት ሰው ደስ ይበለው ብዬ ከመድረክ ተናገርኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦዲተሩ ለማይመለሱ ብድሮች መጠባበቂያ ይያዝ ብሎ ቁጥሩን ዝቅ አደረገው። ሥራው ነው። አባላቱ ግን በእኔ ቁጥር ድርሻቸውን አስልተው ጨርሰዋል፤ «ልዩነቱ የት ገባ?» እያሉ ጉባኤውን ግማሽ ቀን አቆዩት። ሌብነት የሌለበት ቦታ ሌባ ተባልን። ሪፖርቱን ለሪፖርቱ ሰዓት ተወው።

4. ቅደም ተከተሉን ስታነብ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳ። እኔ የምይዘው ያለፈው ቃለ ጉባኤ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሪፖርት፣ የቁጥጥር ኮሚቴውና የኦዲት ሪፖርት፣ የትርፍ ክፍፍል፣ ዕቅድና በጀት፣ የደንብ ማሻሻያ ካለ እሱ፣ ምርጫ፣ ልዩ ልዩ በሚል ነው። ክፍፍሉ ከኦዲቱ በኋላ የሆነው ያልተመረመረ ትርፍ ስለማይከፈል ነው። ማሻሻያው ከምርጫው የሚቀድመው ደግሞ የኮሚቴውን አባላት ቁጥር ከ5 ወደ 7 ብትቀይሩ፣ ምርጫው ካለቀ በኋላ ሁለት ሰው ከየት ይመጣል? አንተም ዕጩ ከሆንክ ምርጫው ላይ ስትደርስ መድረኩን ለአስመራጭ ኮሚቴ እንደምትለቅ ገና በመክፈቻው ተናገር። እኔ ይህን ማለት ከጀመርኩ ወዲህ «ራሱን አስመረጠ» የሚል ሐሜት ቀርቷል።

ከዚያ «የተነበበውን አጀንዳ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» በል፣ የሚቃወምና ድምፀ ተአቅቦ ያለም ካለ ጠይቅ፣ ይቆጠር፣ ይመዝገብ። በቃ፣ ንግግሩ አለቀ። የእኔ የመጀመሪያው 35 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር፤ አሁን ከሰላምታው እስከ ድምፁ አምስት ደቂቃ አይሞላም። የምታነበውን ወረቀት አንድ ቅጂ ለቃለ ጉባኤ ያዡ ቀድመህ ስጠው፤ እኛ ጋ ያዡ በጆሮው የሰማውን እየጻፈ ቁጥር ያዛባ ነበር።

ጉባኤያችሁ በሚቀጥለው ወር ከሆነ ጥሪው ምናልባት ገና አልወጣም። ደንባችሁ ጥሪው ስንት ቀን ቀድሞ ይላክ እንደሚል ዛሬ ማታ አንብበው። ዕጣም ሆነ መመዝገቢያ ወይም የኮሚቴ ቁጥር ለመቀየር የምታስቡ ከሆነ፣ የሚቀየረውን አንቀጽ ከነአዲሱ ቃሉ ጥሪው ላይ አስገባ።