መልስ፦ ወለዱን ባወጣው ምን ይቀርብኛል?

«ደሴ ባንክ 10,000 ብር አለኝ፣ በዓመት 7 ከመቶ ይወልዳል። 700 ብሯን በየዓመቱ ለመውሊድ አወጣለሁ። ጓደኛዬ ተዋት ይለኛል። ምን ለውጥ አላት?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ለውጡ አይታይም። ብትተዋት በሁለተኛው ዓመት ወለዱ 749 ብር ይሆናል። 49ኙ ብር 700ዋ ራሷ የወለደችው ነው። ለቡና እንኳ አይበቃም ብለህ ትስቃለህ፣ እውነትህን ነው።

ነገሩ የሚለየው ሲቆይ ነው። በየዓመቱ ካወጣህ በ20 ዓመት የምታገኘው ወለድ በድምሩ 14,000 ብር ነው። ካልነካኸው ግን ሂሳብህ ወደ 38,697 ብር ይደርሳል፣ ወለዱ ብቻ 28,697። በ20ኛው ዓመት ብቻ የሚገባልህ 2,532 ብር ገደማ ነው። ወለዱ የሚታሰበው ከ10,000ው ሳይሆን ካደገው ገንዘብ ላይ ስለሆነ ነው።

ገንዘብህ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ጊዜው ሲያልቅ ወለዱ ወዴት ነው የሚገባው? ወደ ሌላ ሂሳብ ከተላለፈና ዋናው ብቻ ከታደሰ፣ አንተ ሳታወጣውም ያው 700 ላይ ትቀራለህ። መግለጫህን አውጥተህ የዘንድሮውን ወለድ ከአምናው ጋር አስተያየው። ገንዘብ ሳትጨምር፣ መቶኛውም ሳይቀየር ወለዱ ካደገ እየተደመረልህ ነው።

የኑሮ ውድነቱ ከ7 ከመቶ ከበለጠ ደግሞ ብሩ ቢበዛም የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። እሱን ወለዱን መተው ብቻውን አያድነውም።