ሲልቨር ስፕሪንግ በሲልቨር ላይን አይኬድም

ሰሞኑን ጎንደር ነኝ። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት በቅርቡ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ይሄዳል፤ የሚያርፈው ሜሪላንድ ውስጥ ባለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን የሜትሮውን ካርታ ስልኬ ላይ ከፈትኩለት። ግራጫውን መስመር በጣቱ ተከተለና «ሲልቨር ስፕሪንግ የሚወስደኝ ይሄ ሲልቨር ላይን ነዋ!» አለኝ።

እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበር የመሰለኝ። ስለዚህ ዘመድ የምትቀበሉ ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩት። ደለስ ኤርፖርት በሲልቨር ላይን ላይ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን በቀዩ፣ በሬድ ላይን ላይ ነው።

ካርታውን ከመድረሻው ጀምሮ ማንበብ ይቀላል። መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግን ፈልጉ፣ ቀለሙን እዩ። ቀጥሎ የደለስን ቀለም እዩ። ከዚያ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ክብ ፈልጉ። እሱ ሜትሮ ሴንተር ነው። መቀየሪያው እዚያ ነው።

አሁን አቅጣጫው። ጎንደር ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ!» ሲል መንገድ ላይ የሚወርደውም ይሳፈራል። ሜትሮውም እንደዚያ ነው፤ ባቡሩ የሚጠራው በመጨረሻ ጣቢያው ስም ነው። ከደለስ «ዳውንታውን ላርጎ» ወይም «ኒው ካሮልተን» የሚል ይያዝ። ሁለቱም በሜትሮ ሴንተር ያልፋሉ። አሽበርን የሚለው ግን ከከተማው ያርቀዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሜትሮ ሴንተር ላይ ነው። ሬድ ላይን እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ፣ ሼዲ ግሮቭና ግሌንሞንት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ናቸው። «ወደ ሜሪላንድ የሚሄደውን ያዝ» ብሎ መንገር ሰው ያሳስታል። «ግሌንሞንት የሚለውን ያዝ» በሉት።

ሲልቨሩ የሚያወርደው ታችኛው ፎቅ ላይ ነው። ሬዱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁለቱ አቅጣጫዎች ሐዲዱን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ናቸው። ስለዚህ ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት ግሌንሞንት የሚለውን ምልክት ይፈልግ። ካርድ የሚነካበትን በር አልፎ አይውጣ፤ ከወጣ ሌላ ጉዞ ይቆጠርበታል።

ከተሳፈረ በኋላ የመጀመሪያውን ጣቢያ ያንብብ። ጋለሪ ፕሌስ ከሆነ ልክ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘጠነኛው ነው። ፋራጉት ኖርዝ ካለ ግን ይውረድና በተቃራኒው ይመለስ።

ስልኬን አስቀምጬ «እሺ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ ደለስ እንግዳ ልትቀበል ብትሄድስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ሬዱን በሼዲ ግሮቭ፣ ሜትሮ ሴንተር ወርጄ ሲልቨሩን በአሽበርን።»

አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩለት። እዚያ ታችኛው ፎቅ ላይ ብርቱካናማውና ሰማያዊውም ስለሚቆሙ፣ ስክሪኑ ላይ SV የሚለውን ሳያይ እንዳይገባ።