68.4 እና 68.5፦ ከፎቶው የተቆረጠው ዓምድ

«ለካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ ሒሳብ (0580) ብቻዬን እያጠናሁ ነው። የማርኪንግ ስኪሙ የደረሰኝ በፎቶ ነው። ፊቱ 90 ዲግሪውን የሚሠሩት ጎኖች 4 እና 6 ሳ.ሜ. የሆኑበት ጎነ ሦስት የሆነ፣ ርዝመቱ 9.5 ሳ.ሜ. የሆነ ፕሪዝም ተሰጥቶ የተዳፋውን ፊት ስፋት ይጠይቃል። እኔ 68.4፣ ስኪሙ 68.5፤ ማርኩ 3። ሦስቱንም አጣሁ?»

እህቴ፣ ስሌትሽን ወረቀቱ ላይ ጽፈሽ ከሆነ የሄደብሽ 1 ማርክ ብቻ ነው። 68.4 ብቻ ጽፈሽ ካለፍሽ ግን ሦስቱም ሄደዋል።

1. መጀመሪያ ፎቶው ሙሉ መሆኑን እዪ። የዚህ ፈተና ስኪም አራት ዓምድ አለው፦ የጥያቄ ቁጥር፣ መልስ፣ ማርክ፣ በስተቀኝ ደግሞ Partial Marks። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ሁልጊዜ የሚቆርጡት ይህን የቀኙን ዓምድ ነው፤ በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ለብቻው ለሚያጠና ሰው አስተማሪው እሱ ነው። እንዳንቺ ባለ ጥያቄ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፍበታል፦

M2 for √(4² + 6²) × 9.5 oe
or M1 for 4² + 6² oe

M የሚሰጠው ለአሠራሩ ነው፤ oe ማለት ደግሞ ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ሌላ አጻጻፍም ይያዛል ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱን ካሳየሽ 2 አለሽ፤ ሦስተኛው የትክክለኛው መልስ ነው።

2. ምክንያቱን ለማግኘት መልስሽን ወደ ኋላ ፍቺው። 68.4ን ለ9.5 ስታካፍዪ ልክ 7.2 ይመጣል። √52 ግን 7.2111… ነው። መሀል ላይ አጠጋግተሻል ማለት ነው። 7.2111…ን በ9.5 ብታባዢ 68.505… ይሆን ነበር፣ እሱም 68.5። ፈተናው ድፍን ያልሆነ መልስ በ3 ጉልህ አሃዝ ይሁን የሚለው (የዲግሪ ማዕዘን ሲሆን በ1 ዴሲማል) ስለ መጨረሻው መልስ ነው። መሀል ላይ √52ን እንዳለ ተዪው፣ ወይም የካልኩሌተሩን Ans ተጠቀሚ።

ይህ ወደ ኋላ መፍታት ሌላውንም ስህተት ይለያል። መልስሽ 42.5 ቢሆን ኖሮ ሲካፈል 4.47 ገደማ ይሰጥሻል፤ እሱ √20 ነው፣ ማለትም 36 ላይ 16 በመደመር ፋንታ ቀንሰሻል። ያኔ M1 እንኳ የለም። ሁለቱም «ስህተት» ይባላሉ፣ የሚጠይቁት ልምምድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ቀጣዩ ክፍል 68.4ሽን የሚጠቀም ከሆነ FT የሚል ፈልጊ፤ ካለ ባንቺ ቁጥር በትክክል ለሠራሽው ማርክ ይሰጥሻል። cao ካለ አይሰጥም። በደበዘዘ ፎቶ እነዚህ ትንንሽ ፊደላት ስለሚጠፉ አጉልተሽ አንብቢ።

የገጹን ራስጌም አትርሺ፦ 0580/42 እና 0580/43 የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ኮዱም የፈተናው ወርና ዓመትም ካንቺ ወረቀት ጋር ካልገጠሙ ያንን ፎቶ ተዪው።