አዲስ ፋብሪካ፣ የመጀመሪያ ሳምፕል፦ ጠይቁኝ

አባ ካርቶን (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብያለሁ፣ ሙቀቱ ሥራ አላሠራ ብሏል። እስከ አስር ሰዓት ጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ማሸጊያ ነው፤ የቡና ከረጢት፣ የቅመም ፓኬት፣ ካርቶን። አሥራ አራት ዓመት አስመጥቻለሁ፣ ሁለቴ ተበልቻለሁ። "አንቱ" የሚለኝ ሰው መልስ አያገኝም። ድሬ ነን አቦ።

የጀጎሏ (ሐረር)፦ ቡና እየቆላሁ እሸጣለሁ። ባለ 250 ግራም ከረጢት፣ የራሴ ሥዕል ያለበት፣ ቫልቭና ዚፕ ያለው፣ 20,000 ፍሬ ማሠራት እፈልጋለሁ። አንድ የቻይና ፋብሪካ "ሳምፕል በነፃ ነው፣ የመላኪያውን ብቻ ክፈዪ" አለኝ። ልቀበል?

አባ ካርቶን፦ ተቀበዪ። ግን ምን እንደሚመጣልሽ እወቂ። በነፃ የሚላክልሽ የሌላ ሰው ከረጢት ነው። መጋዘን ውስጥ የተረፈ፣ ምርጡ ተመርጦ የሚላክ። ያማረ ይሆናል። ስላንቺ ዕቃ ግን የሚነግርሽ ነገር ጥቂት ነው።

ለምን መሰለሽ? 20,000 ከረጢት የሚታተመው በሲሊንደር ነው። በየቀለሙ አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል። ሥዕልሽ ስድስት ቀለም ካለው ስድስት ሲሊንደር ማለት ነው። ማሽኑ ቀለሞቹን አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክሎ እስኪይዝ ድረስ ብዙ ፊልም ይጣላል። ስለዚህ ለሳምፕል ብሎ አምስት ፍሬ ብቻ በሲሊንደር አትሞ የሚልክልሽ የለም። "ይኸው ያንቺው ሥዕል" ብሎ አምስት ፍሬ ከላከልሽ በዲጂታል ማሽን ያተመው ነው። እሱ ሥዕሉ የት እንደሚያርፍ ለማየት ይጠቅማል፤ ቀለሙ ግን ከዋናው ጋር አንድ አይሆንም።

እና ሳምፕል አንድ ጊዜ አትጠይቂም፣ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ፣ ምንም ያልታተመበት ግን በልክሽና በምትፈልጊው ንብርብር የተሠራ ከረጢት። "ለቡና የሚሆን ጠንካራ" ብለሽ አትጻፊ። ቁጥር ጻፊ፦ ውፍረቱ ከላይ ፒኢቲ ፕላስቲክ 12 ማይክሮን፣ መሐሉ አሉሚኒየም 7፣ ውስጡ ፒኢ ፕላስቲክ 100። ስፋት 13 ሳንቲም፣ ቁመት 20፣ ታች የሚከፈተው እጥፋት 8። ሃያ ፍሬ ጠይቂ።

ሲደርስሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አታድንቂው። ቡና ሙዪበት፤ በጣም አጥቁረሽ የቆላሽውን፣ እሱ ለተመሳሳይ 250 ግራም ብዙ ቦታ ይወስዳል። በራስሽ ማሸጊያ ማሽን አሽጊው። አሳድሪው። ጠዋት ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረሽ በእጅሽ ጫን በይው። ከቫልቩ አረፋ ሲወጣ ደስ ይበልሽ፣ የቡናውን ጋዝ ማስወጣት ሥራው ነው። ከማዕዘኑ ወይም ከታችኛው እጥፋት ከወጣ ግን ሌላ ፋብሪካ ፈልጊ። ሁለት ፍሬ አይተሽ አትወስኚ፣ አሥር ፍሬ ንከሪ።

ሁለተኛው ሳምፕል ቅድመ ክፍያ ከከፈልሽ በኋላ ነው የሚመጣው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሳቢያን፦ አዲስ አበባ የላክሁት ከረጢት እንደ ኳስ ተነፍቶ ደረሰ። ፋብሪካው ነው አይደል ያጭበረበረኝ?

አባ ካርቶን፦ ቫልቭ አለው?

ሳቢያን፦ የለውም። ቅመም ነው።

አባ ካርቶን፦ እና ምን ይሁንልህ? ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ውስጥ ያሸግከው አየር ይሰፋል። አየሩን ጨምቀህ አውጣና አሽግ። ቀጣይ።

የታይዋን ልጅ፦ ለምን ትደክማላችሁ? ፋብሪካው ቪዲዮና ፎቶ ይልካል። እኔ ለሱቄ ስሊፐር ሳዝ በፎቶ ነው የማጸድቀው።

አባ ካርቶን፦ ፎቶ ሳምፕል አይደለም።

የታይዋን ልጅ፦ ጥራቱ ይታያል እኮ።

አባ ካርቶን፦ ፎቶ ሳምፕል አይደለም። 100 ማይክሮንና 80 ማይክሮን በስልክ ስክሪን ላይ ለይተህ ካሳየኸኝ የዛሬው ምሳ በኔ ነው።

ድል ጮራ ሰፈር፦ ሳምፕል ስንት ያስከፍላል?

አባ ካርቶን፦ የምን ሳምፕል? ከየት? ስንት ፍሬ? እንዲህ አትጠይቁኝ በአላህ።

የጀጎሏ፦ የኔን መልስልኝ እሺ። የመጀመሪያው በነፃ ነው። ለሁለተኛውስ ምን እከፍላለሁ? ትዕዛዙን ስሰጥ ይመለስልኛል?

አባ ካርቶን፦ አየህ ድል ጮራ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።

ለሁለተኛው ዋናው ወጪ ሲሊንደሩ ነው። እኔ ባለፈው የተጠየቅሁት በአንድ ሲሊንደር 90 ዶላር ነበር፤ ስድስቱ 540። ያንቺ ፋብሪካ ሌላ ሊልሽ ይችላል። ይህ የሳምፕል ዋጋ ሳይሆን የሥራው ዋጋ ነው፤ አንዴ ይከፈላል፣ በሚቀጥለው ትዕዛዝ አይከፈልም። ከከፈልሽ ሲሊንደሩ ያንቺ እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሚያስቀምጡልሽ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። እኔ አላጻፍኩም ነበር። በሁለተኛው ዓመት "ጥለነዋል" አሉኝና ደግሜ ከፈልኩ። አንደኛው የተበላሁበት ይኸው ነው።

ሌላ የሳምፕል ክፍያ ከጠየቁሽ "ከመጨረሻው ክፍያ ይቀነስ" በይ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ቃሉ ግን ቻት ላይ ከቀረ እሺ አላሉሽም። ፕሮፎርማው ላይ ይግባ።

ከሐረር ቡና ላኪ፦ እኔም የሳምፕል ጥያቄ አለኝ። ገዢዬ ውጭ አገር ነው፣ ጥሬ ቡና 300 ግራም ላክልኝ አለኝ። እንዴት ልላክ?

አባ ካርቶን፦ ወንድሜ፣ አንተ ሻጭ ነህ፣ እዚህ የምናወራው ስለ ገዢ ነው። ያንተን የቡናና ሻይ ሰዎች ይነግሩሃል።

የታይዋን ልጅ፦ ስለ መላኪያው ልናገር። ኩሪየር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ጓንጁ የሚመላለስ ሰው አለ፣ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ያመጣልሻል።

አባ ካርቶን፦ ግማሹ እውነት ነው። ለባዶው ከረጢት፣ ጊዜ ካለሽ፣ በሰው አስመጪ። ለሁለተኛው ግን አይሆንም። ያኔ ፋብሪካው ያንቺን መልስ እየጠበቀ ነው፤ ሰውዬው በረራውን በአሥር ቀን ሲያራዝም ፋብሪካው "መልስ ስላልሰጠሽ ጭነነዋል" ይልሻል።

ኩሪየር ላይ ሰው የሚከስረው በሳጥኑ ነው። የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ቁመት በወርድ በከፍታ በሳንቲሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል፤ ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ትከፍያለሽ። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን 6 ኪሎ ተብሎ ይቆጠራል። ሃያ ከረጢት ደግሞ ተመዝኖ ሩብ ኪሎ አይሞላም! "ጠፍጥፋችሁ በፖስታ ላኩት" በይ።

ሳቢያን፦ ጉምሩክስ? "ሳምፕል ነው፣ ዋጋ የለውም" ብለው ቢጽፉልን ያልፋል?

አባ ካርቶን፦ ዜሮ አታስጽፍ። ትንሽም ቢሆን እውነተኛውን ዋጋ አስጽፍ። የቀረውን የድሬ ቅርንጫፍ ሄደህ ጠይቅ፣ እኔ ጉምሩክ አይደለሁም።

ሸማኔ ተራ፦ ሳምፕሉ ምርጥ ነበር፣ ዋናው ዕቃ ሲመጣ ግን ሳሳ ያለ መሰለኝ። እንዴት ነው የሚታወቀው?

አባ ካርቶን፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ሁለተኛ የተበላሁበት ይኸው ነው።

ልክ እንደ የጀጎሏ ዓይነት ከረጢት አሠራሁ። ሳምፕሉን ወድጄው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዕቃው ገባ፣ ደንበኞቼ "ይቀደዳል" ማለት ጀመሩ። እኔም በእጄ ስዳስስ "ሳሳ ያለ መሰለኝ"። መሰለኝ ብሎ ክርክር የለም። ሳምፕሎቹንም አዲሶቹንም ይዤ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ባለ ወርቁ ሳቀብኝ፣ ግን መዘነልኝ። የሳምፕሉ አሥር ፍሬ 95 ግራም። የዋናው አሥር ፍሬ 83 ግራም። ልክ አንድ፣ ዚፕ አንድ፣ ቫልቭ አንድ። አሥራ ሁለቱ ግራም የት ገባ? ውስጠኛው ፒኢ ላይ ነው የቀነሱት። አስልቼ ሳየው 100 የተባለው 80 ማይክሮን ግድም ሆነ። ለእነሱ ብዙ ፕላስቲክ ቀረላቸው። ለእኔ ደግሞ እሽጉ የሚይዘው በዚያ ፒኢ ነበር።

ያኔ ገንዘቡን ሁሉ ከፍዬ ነበር። ማን ይመልሳል?

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ያጸደቅሁትን ሳምፕል ሦስት ፍሬ ወስጄ በማይለቅ ማርከር ቀንና ፊርማ አኖርበታለሁ። አንዱን መልሼ ለፋብሪካው እልካለሁ፣ ሁለቱ እኔ ጋ ታሽገው ይቀመጣሉ። የአሥሩን ፍሬ ክብደት ፕሮፎርማው ላይ አስጽፋለሁ። 30 ከመቶ ከፍዬ ሥራው ይጀመራል። ሲያልቅ፣ 70ውን ሳልከፍል፣ በቪዲዮ እየደወልኩ "ካርቶን ቁጥር 4ን፣ 11ን፣ 17ን ክፈቱ" እላለሁ። እነሱ አይመርጡልኝም። ከየካርቶኑ ሰባት ሰባት በኩሪየር ይመጣሉ። ይኸው ሁለተኛው ሳምፕል እሱ ነው። እመዝናለሁ፣ ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፣ ቀለሙን ቀደም ብዬ ካጸደቅሁት የኅትመት ናሙና ጎን ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አያለሁ። ከዚያ ነው ክፍያው።

የከተማ ኢኮኖሚስት፦ ይቅርታ፣ ፋብሪካዎች አሥር ከመቶ ከፍ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው ይላሉ። በደልህን ትንሽ አጋነንከው።

አባ ካርቶን፦ ይላሉ፣ ትክክል ነህ። ከ95 ወደ 83 ግን ከአሥር ይበልጣል። ደግሞ ይህ ከፍ ዝቅ ሁልጊዜ ዝቅ ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የከተማ ኢኮኖሚስት፦ የሚፈቀደው ከፍ ዝቅ አምስት ከመቶ ብቻ ነው ብለህ ብትጽፍ ዋጋ ይጨምሩብሃል።

አባ ካርቶን፦ ሊጨምሩ ይችላሉ። እኔ እጽፋለሁ።

ሸማኔ ተራ፦ አገር ውስጥ ብናሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

የታይዋን ልጅ፦ አገር ውስጥ 20,000 ትንሽ ነው ብለው መለሱኝ።

ሸማኔ ተራ፦ የት ሄደህ ነው የጠየቅኸው?

አባ ካርቶን፦ እናንተ ሁለታችሁ ውጭ ተከራከሩ። ደግሞ ለማንኛውም፣ አገር ውስጥም ከረጢቱ ይመዘናል።

ድል ጮራ ሰፈር፦ እሺ፣ የሳምፕል ዋጋውን አልመለስክልኝም።

አባ ካርቶን፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የጀጎሏ፦ የመጨረሻ። 20,000 ካዘዝኩ 20,000 ይመጣል አይደል?

አባ ካርቶን፦ ላይመጣ ይችላል። በታተመ ከረጢት ፍሬውም ከፍ ዝቅ ይላል። 18,000ም፣ 22,000ም ሊሆን ይችላል፤ የምትከፍዪው በተመረተው ልክ ነው። ገንዘብሽን ለ22,000 አዘጋጂ።

የጀጎሏ፦ ሥዕሉ ላይ ስልክ ቁጥሬ አለ። ሲሊንደር ከተቀረጸ በኋላ ቢቀየርስ?

አባ ካርቶን፦ ቁጥሩ በስንት ቀለም ነው የተሠራው?

የጀጎሏ፦ ቡናማ ነው። ዲዛይነሩ ከአራት ቀለም ቀላቅሎ ነው መሰለኝ።

አባ ካርቶን፦ ወላሂ አትፈርሚ! እንዲህ ከሆነ አንድ ዲጂት ስትቀይሪ አራት ሲሊንደር እንደገና ይቀረጻል። ቁጥሩ በጥቁር ብቻ ይሁን፤ ያኔ የሚቀየረው አንዱ ሲሊንደር ነው። የተቆላበትን ቀን ደግሞ ጭራሽ አታሳትሚ፣ ባዶ ቦታ ተዪለትና ማህተም ምቺበት። ዲዛይነርሽን አሁን ደውዪለት። የመጨረሻው ፋይል ሲመጣልሽ አጉልተሽ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አንብቢ፣ ሌላ ሰውም ያንብብልሽ። ከዚያ ፈርሚ።

የጀጎሏ፦ ደወልኩ። "ምን ለውጥ አለው?" አለኝ።

አባ ካርቶን፦ ስልኩን ስጪኝ።