ውርስ አጣሪ ሆናችሁ ስትመረጡ ሂሳቡን እንዴት ነው የምታሳዩት?

ልጆች፣ ብዙ ዓመት የውርስ ፋይል ሳገላብጥ ነው የኖርኩት፣ እህትና ወንድም የተካሰሱባቸው ብዙዎቹ ፋይሎች ላይ ታዲያ ማንም ምንም አልሰረቀም፣ አጣሪው ምን ገባ ምን ወጣ ሲባል የሚያሳየው ወረቀት ስለሌለው ብቻ ነው ጠቡ የተነሳው። እናንተም አንድ ቀን ኑዛዜ አስፈጻሚ ወይ አጣሪ ሁኑ መባላችሁ አይቀርምና ሂሳቡን ከመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደምትይዙት ልንገራችሁ።

ስልጣን የሚሰጣችሁን ወረቀት እንዳገኛችሁ ለውርሱ ብቻ የሚሆን የባንክ አካውንት ክፈቱ። የሟቹ ገንዘብ ወደዛ ይግባ፣ ክፍያም ከዛ ብቻ ይውጣ። "ለጊዜው እኔ ጋር ይቀመጥ" ብላችሁ ከራሳችሁ ገንዘብ ከቀላቀላችሁት ግን ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የናንተ የትኛው የውርሱ እንደሆነ ለራሳችሁም ይጠፋችኋል፣ ወራሾቹማ እንዴት ይመኗችሁ። ቀጥሎ ሟቹ በሞተበት ቀን የነበረውን ንብረት ሁሉ መዝግቡ፣ ዋጋውም የዛን ቀን ዋጋ ይሁን፣ ቤትና መኪና ከሆነ ደግሞ በውርሱ ጥቅም የሌለው ገማች ይገምተው። ዕዳውም እንደዚሁ ይመዝገብ። የሂሳቡ መነሻ ይሄ ዝርዝር ነው።

በምሳሌ እንየው። እናት ሞተች፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ እኩል ይካፈሉ ብላለች። የተገኘው ቤት 900 ሺህ፣ ባንክ 220 ሺህ፣ መኪና 100 ሺህ፣ በድምሩ 1 ሚሊዮን 220 ሺህ ነው። አጣሪው ቤቱን አከራይቶ 60 ሺህ ሰበሰበ፣ መኪናውን ደግሞ 110 ሺህ ሸጠው፣ ማለትም ከግምቱ 10 ሺህ በላይ። እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ 110ሩን በሙሉ እንደ አዲስ ገቢ ይጽፈዋል፣ መኪናው ግን ዝርዝሩ ላይ በ100 ተይዟልኮ፣ የሚጨመረው ልዩነቱ 10 ሺህ ብቻ ነው። ስለዚህ አጣሪው የሚጠየቅበት ጠቅላላ 1 ሚሊዮን 290 ሺህ ሆነ ማለት ነው።

ከዛ ላይ ለቀብር 30 ሺህ፣ ለዕዳ 130 ሺህ፣ ለቤቱ ጥገና 20 ሺህ ወጣ፣ ሁሉም ደረሰኝ አለው። የተጣራው 1 ሚሊዮን 110 ሺህ ነው፣ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 370 ሺህ። ትንሿ ልጅ ግን ቸግሯት በመሀል 60 ሺህ ወስዳለች፣ ይሄ ወጪ አይደለም፣ የድርሻዋ ቅድሚያ ነው፣ ስለዚህ እሷ የሚቀራት 310 ሺህ፣ ሌሎቹ 370 370። ሦስቱ ሲደመሩ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ይመጣል።

አሁን ማረጋገጫው። በእጅ ያለው ነገር ከዚህ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ቤቱ 900 ሺህ አለ፣ የባንኩ ስቴትመንት ደግሞ በትክክል 150 ሺህ ማሳየት አለበት። 140 ካሳየ የሆነ ያልተመዘገበ ክፍያ አለ ማለት ነው፣ ወራሾቹን ከመጥራታችሁ በፊት ፈልጋችሁ አግኙት። "በግምት ልክ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ሌላው፣ ወራሽ ስለጨቀጨቀ ብላችሁ ዕዳና ታክስ ሳይጣራ አታከፋፍሉ። አበዳሪ ከወራሽ ይቀድማል ብዬ ስንቱን ወጣት መክሬያለሁ፣ ሟቹ ያልከፈላቸው አበዳሪዎች ዘግይተው ሲመጡ ገንዘቡ ተበልቶ ከሆነ በብዙ አገር ሕግ አጣሪው ከራሱ ኪስ ሊጠየቅ ይችላል። ለአበዳሪ ማስታወቂያ ማውጣት ካለባችሁ አውጡ፣ የጥሪው ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ስታከፋፍሉም ያልታወቀ ቢል ቢመጣ ብላችሁ ትንሽ ያዙ፣ ስንት እንደያዛችሁና ለምን እንደሆነም ሂሳቡ ላይ ጻፉት።

ደግሞ የውርሱን ንብረት ለራሳችሁ አትግዙ፣ ለሚስት ለባልም ቢሆን። የግድ ከሆነ ሁሉም ወራሽ ዋጋውን አውቆ በጽሁፍ ይስማማ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት ይፍቀድ። ለድካማችሁ የሚከፈል ካለም ኑዛዜው ወይ ሕጉ የሚፈቅደውን፣ በራሱ መስመር፣ ማንም እንዲያየው አድርጋችሁ አስገቡት።

ሂሳቡን በቃል አትንገሩ፣ ለሁሉም ወራሽ አንድ አይነት ኮፒ በአንድ ቀን ስጡ፣ ደረሰኙንና ስቴትመንቱን ማየት የፈለገ ይይ፣ ጥያቄ ያለው በጽሁፍ ይጠይቅና በጽሁፍ መልሱለት። አንብበው ከተስማሙ በኋላ እያንዳንዱ ድርሻውን ሲቀበል ፈርሞ ይቀበል፣ የማይፈርም ካለ አትለማመጡት፣ ሂሳቡን ለፍርድ ቤት አቅርባችሁ አጽድቁት። የያዛችሁት መጠባበቂያ ሲለቀቅም በዛው ስሌት አካፍሉና አካውንቱን ዝጉ፣ የዜሮ ባላንስ ያለበትን የመጨረሻ ስቴትመንት ከፋይሉ ጋር አስቀምጡት።