ክሎሪንና ናይትሮጅን ባሉበት ቀመር ያለመሙላት ደረጃን ማስላት

ጥያቄ፦ በገላን አቅራቢያ ባለ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ተለማማጅ ነኝ። ለ C6H6ClN ያለመሙላት ደረጃውን ሳሰላ 4.5 አገኘሁ፤ ጓደኛዬ ግን ክሎሪኑንም ናይትሮጅኑንም ትቶ 4 አገኘ። የማናችን ነው ትክክሉ? ከዚያስ መዋቅሩን እንዴት ላጥብብ?

መልስ፦ የጓደኛዎ ቁጥር ትክክል ነው፤ የሄዱበት መንገድ ግን ስሕተት ነው። እርስዎ ናይትሮጅኑን በአግባቡ ቆጥረው ክሎሪኑን ብቻ ዘለውታል። ክሎሪን እንደ ሃይድሮጅን አንድ ቦንድ ብቻ ስለሚፈጥር የሃይድሮጅንን ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሃይድሮጅኑ ጋር አብሮ ይቀነሳል። ናይትሮጅን ግን ሦስት ቦንድ ስላለው አንድ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይዞ ይገባል፤ ሚቴን CH4 ሆኖ ሳለ ሚታይልአሚን CH5N የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። X የሃሎጅኖቹ ብዛት ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
(2C + 2 + N - H - X) / 2
(12 + 2 + 1 - 6 - 1) / 2 = 4
```

ጓደኛዎ ሁለቱን ሲተዉ የሚደመረው አንድና የሚቀነሰው አንድ ተጣፉላቸው። በ C6H4Cl3N ላይ ግን ያው መንገድ 5 ይሰጣል፤ ትክክለኛው መልስ 4 ነው። እንግዲህ ግማሽ ቁጥር ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ ሙሉ ቁጥር ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። ይህን አጥብቄ የምነግርዎ ብዙ ተማሪ ሙሉ ቁጥር ሲያይ ስለሚዘናጋ ነው።

አሁን 4ን ወደ መዋቅር እንመልሰው፤ እያንዳንዱ ቀለበትና እያንዳንዱ ድርብ ቦንድ አንድ፣ ሦስትዮሽ ቦንድ ደግሞ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። የቤንዚን ቀለበት፣ ማለትም አንዱ ቀለበትና ሦስቱ ድርብ ቦንዶች፣ አራቱንም ይወስዳል። ስለዚህ ስድስቱ ካርቦኖች ቀለበቱን ከሠሩ ለሌላ ድርብ ወይም ሦስትዮሽ ቦንድ ቦታ የለም፤ ናይትሮጅኑ NH2 ሆኖ ክሎሪኑ ቀለበቱ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ክሎሮአኒሊኖች ይገኛሉ። ነገር ግን የፒሪዲን ቀለበትም 4 ይወስዳል፤ ክሎሮሜታይልፒሪዲንም ያው ቀመር አለው። ቁጥሩ ብቻውን እነዚህን አይለይም።

ለመለየት ናሙናውን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙተው፣ በበረዶ ከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አቀዝቅዘው ሶዲየም ናይትራይት ይጨምሩ፤ ከዚያም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ሟሟ ቤታ ናፍቶል ያፍስሱት። ብርቱካናማ ቀይ ቀለም ከታየ NH2 ቀለበቱ ላይ አለ። ክሎሮአኒሊን በቆዳ ስለሚገባና መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርገው፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ይሥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሚኖች ብዙ ጊዜ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ጨው ሆነው ይቀመጣሉ። የአኒሊን ጨው ቀመር C6H8ClN ስለሆነ ስሌቱ 3 ይሰጣል፤ ቀለበቱ ግን አልጎደለም። እዚህ ላይ ክሎሪኑ ከካርቦን ጋር አልተያያዘም። ጨው መሆኑን ከጠረጠሩ በውኃ አሟሙተው ጥቂት ናይትሪክ አሲድና ሲልቨር ናይትሬት ይጨምሩበት፤ ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ከወረደ ክሎራይድ አለና HCl ን ከቀመሩ ቀንሰው በ C6H7N ላይ እንደገና ያስሉ።