ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት ለመሐንዲስ ምን ትጽፋላችሁ?

ደሴ ውስጥ የወላጆቻችሁን አሮጌ ቤት ሳሎን ለማስፋት የምታስቡ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት መሐንዲስ መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። አጠያየቁን ግን ልምከራችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ የአንድ ግድግዳ ፎቶና «ይህን ማፍረስ እችላለሁ?» የሚል መልእክት ነው። ከዚህ ተነስቼ የምሰጠው መልስ ግምት ብቻ ይሆናል። ግንበኛው መታ መታ አድርጎ «ይሄማ የጭቃ ነው፣ ምንም አልተሸከመም» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ዋናው መልስ ያለው ከኮርኒሱ በላይ ነው።

አንድ ወጣት የላከልኝን ላንሳ። የውጭው ግድግዳ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር። መፍረስ የተፈለገው የውስጥ ግድግዳ ከባህር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን 4 ሜትር ይረዝማል። ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍቶ ፎቶ እንዲያነሳ ነገርኩት። የጣሪያው አግዳሚ እንጨቶች አንድ ወጥ አልነበሩም። ሁለት ሁለት አጫጭር እንጨት ተቀጣጥሎ፣ መጋጠሚያው የተቀመጠው ልክ በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከግራና ከቀኝ የየክፍሉን ግማሽ፣ በድምሩ 4.5 ሜትር ስፋት ስለሚይዝ፣ የጣሪያ ድርሻው 18 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቆርቆሮው፣ እንጨቱና ኮርኒሱ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ቢሆኑ እንኳ ወደ 720 ኪሎ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው «ምንም አልተሸከመም» የተባለው ግድግዳ ነው።

ሸክሙ ግን አንዱ ሥራው ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። የውስጥ ግድግዳ የውጭውን ረጅም የድንጋይ ግንብ ከመሃል ይዞ እንዳይወዛወዝ ያግዘዋል። እሱ ሲነሳ፣ 5 እና 4 ሜትር የነበረው ግንብ 9 ሜትር ያለ ደጋፊ ይቀራል። እኛ ያለነው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በዚሁ መስመር ላይ ነበር።

ስለዚህ ስትጽፉ የቤቱን ንድፍ በእጃችሁ ሥላችሁ ላኩ። የእያንዳንዱን ግድግዳ ርዝመትና ውፍረት፣ ከምን እንደተሠራ፣ የጣሪያው እንጨት በየትኛው አቅጣጫ እንደተዘረጋ ጻፉበት። ከኮርኒስ በላይ ያለውን ፎቶ ጨምሩ። ስንጥቅ ካለ፣ በር መዝጋት የሚያስቸግር ከሆነ፣ ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነ አትደብቁ። ጥያቄያችሁም «ይፍረስ ወይ?» ሳይሆን «ምን ይሸከማል? ምን ይደግፋል? በምን ይተካ?» ይሁን። መሐንዲሱ ቦታው ድረስ መጥቶ እንዲያይ፣ አስተያየቱንም በጽሑፍ ፈርሞ እንዲሰጥ ጠይቁ። የከተማው የግንባታ ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋችኋል።

ያ ወጣት 4 ሜትሩን ሙሉ አላፈረሰም። በሁለቱም ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአርማታ ግድግዳ በራሱ መሠረት ላይ ቆሞ ከድንጋዩ ጋር ታሰረ፤ ከላይ ቢም ተዘረጋ፤ ክፍተቱ 2.4 ሜትር ሆነ። ጣሪያው ከማፍረሱ በፊት ከሁለቱም ወገን በእንጨት ተደገፈ። ድጋፉም የተነሳው አርማታው በደንብ ከጠነከረ በኋላ ነው።